ሱቁ መገናኛ፣ መዝገቡ ሐዋሳ

የሂሳብ ሠራተኛ ከሱቁ ጥግ ጠረጴዛ ይዞ የሚቀመጠው ደረሰኙ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ዕቃ አይሸጥም፣ ገንዘብ አይቀበልም፣ ደንበኛም አያስተናግድም። ደረሰኙ፣ የባንክ ስቴትመንቱና የካሽ ሬጂስተር ማሽኑ ወረቀት በደህና እጁ የሚገቡ ከሆነ፣ ሐዋሳ ተቀምጦ መገናኛ ያለ ሱቅን መዝገብ ለመያዝ የሚከለክለው ነገር የለም። ትንሽ ነጋዴ ሙሉ ደመወዝ ከፍሎ አካውንታንት መቅጠር አይችልም፤ አንድ ሰው አምስት ስድስት ሱቅ ከሩቅ ቢይዝ ግን ለሁለቱም ወገን ያዋጣል።

ሥራው የሚያቃናውም የሚበላሸውም "በደህና እጁ የሚገቡ ከሆነ" በሚለው ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ሶፍትዌር ልማር ብሎ ነው። መቅደም የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የተገዛው ዕቃ ደረሰኝ፣ ማክሰኞ ማታ የት ነው ያለው? በገዢው ኪስ ከሆነ፣ በዓለም ላይ ያለ ሶፍትዌር ሁሉ አያወጣውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ቴሌግራም ነው። ለእያንዳንዱ ሱቅ አንድ ግሩፕ ይከፈታል፤ ባለቤቱ፣ ገንዘብ ተቀባይዋና ሂሳብ ያዡ ብቻ ይገቡበታል። ደረሰኝ በተቆረጠበት ወይም በመጣበት ቀን ፎቶ ተነሥቶ ይላካል። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ፎቶው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ አለበት። ቴሌግራም ፎቶን አጭቆ ነው የሚያስተላልፈው፤ በደረሰኙ ላይ ያሉት ደቃቅ ቁጥሮች ይደበዝዙና 3 የነበረው 8 ይመስላል። "በዚያው ቀን" የሚባለውም ለማስጨነቅ አይደለም። የማሽን ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ ፀሐይ ያየ ወይም በመኪና ውስጥ የሰነበተ ደረሰኝ ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ፎቶው ግን ዋናውን አይተካም። ዋናው በቀን ቅደም ተከተል ተወግቶ በሱቁ ቦክስ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ የግብር መሥሪያ ቤት ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ከቴሌግራም ወደ ጎግል ድራይቭ ይሻገራል፤ ለየወሩ አንድ ፎልደር፣ በውስጡም ሽያጭ፣ ግዢ፣ ወጪና ባንክ ተለይተው። መዝገቡ ራሱ ለአንድ ትንሽ ሱቅ በኤክሴል በደንብ ይያዛል። ፒችትሪ፣ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል እንጂ እኛ ዘንድ አሁንም ፒችትሪ ነው፣ በብዙ መሥሪያ ቤት ስለሚሠራበት መልመዱ አይከፋም። ነገር ግን የሚቀመጠው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፋይሉ በሱቁ ኮምፒውተር ካለ በኤኒዴስክ ከሩቅ መግባት ግድ ይሆናል፤ ሱቁ ጋ መብራት ሲጠፋ ሐዋሳም ሥራ ይቆማል። በኢንተርኔት የሚሠሩት እንደ ኩዊክቡክስ ኦንላይን ያሉት ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ክፍያቸው በዶላር መሆኑ ነው ችግሩ። የኔ ምክር፣ ለመጀመሪያው ዓመት ኤክሴል በቂ ነው የሚል ነው።

ሌላው ቀድሞ መስተካከል ያለበት የቀን አቆጣጠር ነው። ቫትና የደመወዝ ግብር የሚታወቁት በኢትዮጵያ ወር ነው፤ የባንክ ስቴትመንቱና ኤክሴሉ ደግሞ በፈረንጅ ይቆጥራሉ። የኅዳር 2018ን ሂሳብ ለመሥራት "የኖቬምበርን ስቴትመንት ላኩልኝ" ያለ ሰው ዘጠኝ ቀን የጥቅምት ሂሳብ ይቀላቅልና ዘጠኝ ቀን የኅዳርን ያጣል። ኅዳር 1 ቀን 2018 ኖቬምበር 10 ላይ ይውላል፣ ኅዳር 30 ደግሞ ዲሴምበር 9፤ ስቴትመንቱም በእነዚህ ሁለት ቀኖች ተወስኖ መጠየቅ አለበት። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ሁሉም አንድ ቀን ስለሚገፋ በየዓመቱ ቀን መቁጠሪያ ማየት ነው። በኤክሴሉ ላይ ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ቢጻፉ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

አሁን አንድ ወር እንሥራ። ሱቁ መገናኛ አካባቢ ያለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው እንበል፤ የቫት ተመዝጋቢ፣ ሁለት ሠራተኞች ያሉት። ሂሳብ ያዥዋ ሐዋሳ ናት። ስሙም ቁጥሩም ለማሳያ የተቀመጠ ነው፤ አካሄዱ ግን በየሱቁ ያው ነው።

በየማታው ገንዘብ ተቀባይዋ ማሽኑን ስትዘጋ የምታወጣው ዜድ ሪፖርት የዕለቱን ሽያጭና ቫት ይዞ ይወጣል። ተራ ቁጥርም አለው፤ ቁጥሩ ከ412 ወደ 414 ከዘለለ የአንድ ቀን ወረቀት ጠፍቷል ማለት ነው። ሂሳብ ያዥዋ በየሳምንቱ መጨረሻ ቁጥሮቹን ትከታተላለች፤ የጎደለ ካለ ገና ሳይረሳ ትጠይቃለች። ወሩ ሲያልቅ ማሽኑ በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ድምር ከማስታወሻው አውጥቶ እንዲያትም ታደርጋለች፤ ይህ ድምር ከዕለታዊዎቹ ዜድ ድምር ጋር መግጠም አለበት። የኅዳሩ ገጥሟል፤ ቫትን ጨምሮ 414,000 ብር።

ከዚህ ውስጥ ቫቱ ስንት ነው? ጀማሪ 414,000ን በ15 በመቶ ያባዛና 62,100 ብር ይላል። 414,000 ግን ቫቱን አስቀድሞ ይዟል፤ ዋጋው 100 ሲሆን ድምሩ 115 ነው። ስለዚህ በኤክሴል፣ ድምሩ D2 ላይ ካለ፣ ቀመሩ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=D2*15/115
```

መልሱ 54,000 ብር ነው፤ ሽያጩም 360,000። በመጀመሪያው ስሌት ነጋዴው በአንድ ወር 8,100 ብር ከኪሱ ይከፍል ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ሂሳብ ያዥን ከመረጃ ጸሐፊ የሚለየው ሥራ ነው፤ ማስታረቅ። ማሽኑ 414,000 ብር ተሽጧል ይላል። ገንዘቡስ የት ደረሰ? በንግድ ባንኩ ሂሳብ ስቴትመንት ላይ በወሩ የገባው 352,000 ብር ነው። በቴሌብር የነጋዴ ሂሳብ ደግሞ 68,000 ገብቷል። ሁለቱ ሲደመሩ 420,000፤ ከሽያጩ በላይ። እዚህ ላይ "እሰየው" ብሎ መዝገቡን የሚዘጋ ሰው ነገ ኦዲተር ፊት መልስ ያጣል፤ ባንክ የገባ ያልተብራራ ገንዘብ ያልተቆረጠ ደረሰኝ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላልና።

ስቴትመንቱ መስመር በመስመር ይነበባል። ከቴሌብር ወደ ባንክ የተዛወረ 40,000 ብር አለ፤ አንዱ ገንዘብ ሁለት ቦታ መቆጠሩ ነው፣ ይወጣል። ኅዳር 14 ደግሞ ድፍን 30,000 ብር ገብቷል።

"ጋሼ፣ ኅዳር 14 ባንክ የገባችው 30,000 ብር የሽያጭ ናት?" ብላ በግሩፑ ትጽፋለች።

"አይ የኔ ልጅ፣ ዕቁብ ደርሶኝ ነው። ለዕቃ ማዞሪያ ብዬ እዚያው አስገባኋት።"

ባለቤቱ ከኪሱ ያስገባው ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ ሽያጭ አይደለም። ከባንኩ የሽያጭ የሆነው 282,000 ብር ቀረ፤ ከቴሌብሩ 68,000 ጋር 350,000። ከመሳቢያ ወጥቶ ለጉልበት ሠራተኛ፣ ለትራንስፖርትና ለመሳሰለው የተከፈለ 21,000 ብር በወጪ ማስረጃ ተደግፎ አለ። በመሳቢያው ያለው ጥሬ ገንዘብም በወሩ መጀመሪያ 4,000 የነበረው በመጨረሻ ሲቆጠር 7,000 ሆኗል፤ 3,000 ጨምሯል። ሲደመር 374,000። ማሽኑ ካለው 414,000 ጋር ሲተያይ 40,000 ብር አልታየም።

ጉድለት ሁሉ ስርቆት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ገና ያልደረሰ ገንዘብ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በዱቤ 34,500 ብር የሚያወጣ ደብተር ወስዷል፤ ደረሰኝ ተቆርጧል፣ ክፍያው ግን በታኅሣሥ ነው። ነጋዴውን የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ገንዘቡ ባይገባም ቫቱ በኅዳር ይታወቃል። 5,500 ቀረ። ሌላ አንድ ድርጅት 60,000 ብርና ቫቱን የሚያወጣ ወረቀት ገዝቶ ሲከፍል ዊዝሆልዲንግ ቀንሷል። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ይህን ቅናሽ ከሁለት ወደ ሦስት በመቶ ከፍ አድርጎታል፤ ከ60,000 ላይ 1,800 ብር መሆኑ ነው። የተቀነሰው ገንዘብ ጠፍቶ አይቀርም። በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈለው የትርፍ ግብር ላይ ይታሰባል፤ የሚታሰበው ግን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ሲኖር ነው። ድርጅቱ ገንዘቡን በባንክ ልኮ ደረሰኙን ሳይሰጥ ስለሚቀር፣ ሂሳብ ያዥዋ በስቴትመንቱ ላይ ከደረሰኙ ዋጋ ያነሰ ክፍያ ስታይ ያን ዕለት መጠየቅ አለባት። ለዚህ ለብቻው ዝርዝር መያዝ ተገቢ ነው፤ ነጋዴዎች ብዙ ገንዘብ የሚያጡት በዚህ ቀዳዳ ነው።

3,700 ብር ይቀራል። ባለቤቱ ሲጠየቅ ለቤት 3,500 ከመሳቢያ መውሰዱን ያስታውሳል፤ ይህም የባለቤት ወጪ ተብሎ ይጻፋል። የመጨረሻዋ 200 ብር የመልስ ስህተት ናት፤ "የካዝና ጉድለት" ተብላ ትመዘገባለች። በየወሩ 200 ብር ከጠፋ ምንም አይደለም። በየወሩ 4,000 ከጠፋ ግን ሂሳብ ያዥዋ ግሩፑ ላይ ሳትጽፍ ለባለቤቱ ለብቻው ደውላ ትነግረዋለች፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ግሩፑ ውስጥ አለችና።

የግዢው በኩል በሌላ መልኩ ያደክማል። በወሩ 240,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ተገዝቷል፤ በላዩ ላይ የተከፈለው ቫት 36,000 ነው። ከሽያጩ 54,000 ላይ ይህ ሲቀነስ 18,000 ብር ይከፈላል ማለት ነበር። አንዱ ደረሰኝ ግን፣ 40,000 ብርና 6,000 ብር ቫት ያለበት፣ የገዢው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳይጻፍበት ተቆርጧል። ቲን የሌለበት ደረሰኝ ቫቱ አይቀነስለትም፤ ተከፋዩ ወደ 24,000 ይወጣል። ፎቶው በዕለቱ የተላከ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ሻጩ ጋ ተመልሶ ማስተካከል ይቻል ነበር። በወሩ መጨረሻ ሻጩ የራሱን ሂሳብ አሳውቆ ጨርሷል፤ ማንም አይሰማም። ስለዚህ ፎቶ ሲመጣ የሚታዩት የገዢ ስም፣ የገዢ ቲን፣ ቀን፣ የማሽን ቁጥርና ቫቱ ተለይቶ መጻፉ ናቸው። ገና ፎቶው ሲታይ እንጂ መዝገብ ሲሞላ መታየት የለባቸውም። ዋጋው ከገበያው በጣም የራቀ፣ ወይም ሻጩ የማይታወቅ ደረሰኝ ከመጣም ዕቃው በእርግጥ ሱቁ መግባቱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሐሰተኛ ደረሰኝ የተቀነሰ ቫት ቅጣቱ ከራሱ ከቫቱ ይከብዳል።

ደመወዙ ቀላል ነው። ወር በወር አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዴ በትክክል ከተሠራ ይገለበጣል። በ9,000 ብር ደመወዝ ላይ፣ በ2017 በተሻሻለው መጣኔ መሠረት፣ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ቀጣዩ 2,000 በ15፣ ከዚያ በላይ ያለው 3,000 በ20፣ የመጨረሻው 2,000 ደግሞ በ25 በመቶ ይታሰባል። 300፣ 600ና 500 ሲደመሩ 1,400 ብር። ሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ 630 ብር ያዋጣል፤ እጁ የሚገባው 6,970 ይሆናል። አሠሪው በራሱ 11 በመቶ፣ 990 ብር ይጨምራል። ባለቤቶች ሰው ሲቀጥሩ የሚረሱት ይህችን የመጨረሻዋን ነው።

የኅዳር ቫት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይታወቃል፤ ሲስተሙ ግን በመጨረሻዎቹ ቀናት ይጨናነቃል። ስለዚህ ሂሳብ ያዥዋ እስከ ወሩ 5 ስቴትመንቱና ሪፖርቱ እንዲደርሳት፣ እስከ 12 ጥያቄዎቿ እንዲመለሱ፣ እስከ 18 ቁጥሩን ለባለቤቱ እንድታሳይ፣ እስከ 20 ደግሞ በኢታክስ እንዲታወቅ ትለያለች። ባለቤቱ ቁጥሩን ሳያይ ምንም ነገር አይላክም። በግሩፑ ላይ "አይቻለሁ፣ ይላክ" ብሎ የጻፋት አንዲት መስመር ከብዙ ክርክር ታድናለች።

ከሩቅ ለሚሠራ ሰው አንድ የማይታለፍ አጥር አለ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርም ሆነ የሞባይል ባንኪንግ የይለፍ ቃል መቀበል የለበትም፤ ባለቤቱ "አንተው ክፈልልኝ" ብሎ ቢለምንም። የሚያስፈልገው ስቴትመንት ነው፣ እሱም በፋይል ይላካል። መዝገብ የሚይዘውና ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ሰው አንድ ከሆኑ፣ ገንዘብ በጎደለ ቀን ንጹሑም ሰው ንጽሕናውን የሚያሳይበት መንገድ አይኖረውም።

የመጀመሪያ ደንበኛ ፍለጋው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በማስታወቂያ አይሆንም። ነጋዴ ሽያጩን ለማያውቀው ሰው አያሳይም፤ ለተፎካካሪ ይነግርብኛል ወይም ያሳብቅብኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው እምነቱ አስቀድሞ ካለበት ነው፤ የአክስት ልጅ ፋርማሲ፣ ጎረቤት ያለ ጋራዥ፣ ቀድሞ ይሠሩበት ለነበረ ድርጅት ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ። ከእነዚህ መካከል በቅርቡ የቫት ተመዝጋቢ የሆነውን ወይም ቅጣት የከፈለውን መምረጥ ይሻላል፤ ችግሩን ቀምሶታልና ማስረዳት አያስፈልገውም። ሁለተኛው በር ፈቃድ ያላቸው የሂሳብ ድርጅቶች ናቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ የዓመቱ ሂሳብ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መቅረብ ስላለበት በእነዚያ ወራት ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ደረሰኝ አጥርቶ የሚመዘግብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ የሚገኘው ልምድና የሚያየው የስህተት ዓይነት ግን ብዙ ነው። ሦስተኛው ውጭ አገር ያለ ሰው ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ካፌ የከፈተና በዘመድ የሚያሠራ ሰው፣ ሂሳቡን ከዘመዱ ሌላ የሚያስታርቅለት ይፈልጋል፤ ዘመዱን ሳይጠረጥር ማለት ነው፣ ይህ ጥበብ ይጠይቃል።

ለነጋዴው መቅረብ ያለበት ነገር "ሂሳብ እሠራለሁ" የሚል ወሬ አይደለም። ያለፈውን አንድ ወር ብቻ ስጡኝ ብሎ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ተስማምቶ፣ ከላይ እንዳለው ዓይነት ማስታረቅ በአንድ ገጽ ሠርቶ ማሳየት ነው። በነፃ መሥራት አይመከርም፤ በነፃ ለተሠራ ሥራ ማንም ደረሰኝ ፈልጎ አይልክም። ዋጋውን ለመተመን በወሩ ስንት የግዢ ደረሰኝ፣ ስንት የስቴትመንት መስመርና ስንት ሠራተኛ እንዳለ መቁጠር ይበቃል፤ የመጀመሪያው ወር ከቀጣዮቹ እጥፍ ጊዜ እንደሚወስድም ማሰብ ያሻል። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ነጋዴው ማሽን ላይ ያልመታውን ሽያጭ "ይህን ተይው" የሚል ከሆነ፣ ሥራውን ያኔውኑ መተው ነው። የባንኩ ገንዘብ በየወሩ ከማሽኑ ድምር እየበለጠ ይሄዳል፤ ያንን ልዩነት የምታውቀው ደግሞ መዝገቡን የያዘችው ራሷ ናት።

በሁለት ደንበኛ ለተጀመረ ሥራም የንግድ ፈቃድ ማውጣት ይገባል። ለሕዝብ የሂሳብ አገልግሎት የሚሰጡ ባለሙያዎችን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ስለሆነ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ወርሃዊውን መዝገብ አዘጋጅቶ የዓመቱን መግለጫ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ያስረክባል እንጂ እሱ ራሱ አይፈርምበትም።

ከነጋዴው ጋር የሚደረገው ውል አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል። ማን ምን በስንት ቀን እንደሚልክ፣ ዘግይቶ በመጣ ደረሰኝ ምክንያት ለሚመጣ ቅጣት ማን ኃላፊ እንደሆነ፣ ክፍያው በየወሩ ስንተኛው ቀን እንደሚከፈል ይጻፍበታል። ድራይቩ የሚከፈተው በሱቁ ስም በተያዘ ኢሜይል መሆኑና፣ ሁለቱ በተለያዩ ዕለት ሂሳብ ያዡ ምንም ሳያስቀር ከፎልደሮቹ እንደሚወጣም ይካተታል። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ያነበበ ነጋዴ ነው ብዙውን ጊዜ፣ "እንግዲያው ከዚህ ወር ጀምሪ" የሚለው።